እማዬ ኪኒን አልወስድም ካለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ሳላታልላትና ሳላስገድዳት ምን ላድርግ?

የእማዬ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የመርሳት ሕመም እንዳለባት ካወቅን አራት ዓመት አልፎናል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መድኃኒቷን ስሰጣት ትቀበለኝ ነበር። አሁን ከንፈሯን ትገጥምና ፊቷን ታዞራለች። አንዳንዴ አፏ ውስጥ ትይዘውና ዘወር ስል ትተፋዋለች። ባለፈው አንሶላ ስቀይር ትራሷ ሥር የተቋጠረ መሐረብ አገኘሁ። ስፈታው አምስት ኪኒን ነበር። ሁለቱ ሟሙተው ከጨርቁ ጋር ተጣብቀዋል።

የምትወስደው ይሄ ነው። ጠዋት ለግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ኤክስአር 1000፣ ኦሜፕራዞል 20 እና ቫይታሚን። ማታ ለመርሳቱ ዶኔፔዚል 10፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን 20 እና ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን 25።

ያደረግሁትን አልደብቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ጨነቀኝና የጠዋቱን በሙሉ ፈጭቼ ሾርባዋ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት ቀን ጠጣችው። በሦስተኛው ቀን አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ቆም አለች። ምላሷ ላይ ያለውን በጣቷ አውጥታ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን አድርገሽብኛል?" አለችኝ። ስሜን ከረሳችው ቆይታለች። መታለሏ ግን በደንብ ገብቷታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማቀርብላትን ምግብ ሁሉ ታሸታለች፤ ግማሹን ትመልሰዋለች።

ወንድሜ ደግሞ "ያዝ አድርገን እናስውጣት" ይላል። አንድ ጊዜ አገጯን ይዞ ሞከረ። ትን ብሏት ፊቷ ጠቆረ። ያን ምሽት ሁለታችንም አልተኛንም።

ሁለቱንም አልደግመውም። ሌላ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰዓት_አክባሪ

አይዞሽ እህቴ። የእኔም አባት እንደዚሁ ነበር። የሳምንት የኪኒን ሳጥን ገዛሁለት፣ ስልኩ ላይ ደወል ሞላሁለት። አሁን ደወሉ ሲጮህ ራሱ ከፍቶ ይወስዳል። ማታ ሳየው ሳጥኑ ባዶ ነው። ሞክሪው።

የእማዬ_ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የእሷ ግን መርሳት አይደለም። እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ነው አልፈልግም የምትለው።

ቀና_ልብ

እህቴ፣ ሾርባው ብዙ ስለሆነ ነው የነቃችብሽ። በአንድ ማንኪያ ጣፋጭ ነገር ላይ ብታደርጊው ትውጠዋለች፤ ትንሽ ስለሆነ ሳትጨርስ አትቀርም። ለጤናዋ ብለሽ ነው፤ ራስሽን አትውቀሺ። ሌላው ደግሞ ስትውጥ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቀና አድርጊላት። ኪኒኑ በቀላሉ ይወርዳል።

ሌሊት_ተረኛ

አረጋውያን የሚታከሙበት ክፍል ውስጥ 16 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ያለ ምክንያት መድኃኒት እምቢ ያለ ሰው ያየሁት በጣም ጥቂት ነው። ምክንያቱን ግን ራሳቸው አይነግሩሽም፤ ፈልጎ ማግኘቱ የአስታማሚው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ልጠይቅሽ። እምቢታው ቀስ በቀስ ነው የመጣው ወይስ ድንገት? በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከሆነ፣ በተለይ ከወትሮው በላይ ግራ ከተጋባች፣ ቀን ቀን ካንቀላፋች ወይም ካተኮሳት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ኢንፌክሽን፣ የከረመ የሆድ ድርቀት ወይም የሆነ ቦታ ሕመም ሊሆን ይችላል። "አሞኛል" የሚለው ቃል የጠፋበት ሰው አፉን ነው የሚዘጋው።

ቀስ በቀስ ከሆነ ከአፏ ጀምሪ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላት አውልቂላትና ድዷን በባትሪ ብርሃን እዪው። የቀላ ቦታ፣ ቁስል ወይም ነጭ ነገር አለ? ምላሷስ ደርቋል? ኪኒን በደረቀ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ይመራል፣ አይወርድም። ከዚያ ውሃ ስትጠጣ አጠገቧ ሆነሽ ተመልከቻት። ታስላለች? ከዋጠች በኋላ ስትናገር ድምፅዋ ውሃ ያዘለ ይመስላል? እንዲህ ከሆነ የመዋጥ ችግር ስላለ፣ ሐኪም ወይም የመዋጥ ባለሙያ ሳያያት ምንም ኪኒን አታስሞክሪያት።

ቀና ልብ፣ መጠኑ ትንሽ ይሁን ያልከው ልክ ነህ። የአንገቱ ነገር ግን ይታረም። ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲያዘነብል የአየር ቧንቧው ይከፈታል፤ ውሃውም ኪኒኑም ወደ ሳንባ የሚሄድበት ዕድል ይጨምራል። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ አገጯ በትንሹ ወደ ደረቷ ዝቅ ይበል። አገጭ ይዞ ማስዋጥም ያው ነው፤ የሚፈራና የሚታገል ሰው በመሐል ትንፋሽ ይስባል። ወንድምሽ በእልህ እንዳላደረገው ይገባኛል፤ ግን ከዚህ በኋላ አይንካት።

ዛሬ ስላልወሰደችው ደግሞ ብዙ አትደንግጪ። አምሎዲፒን ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንድ ቀን ቢዘለል ግፊቷ በአንዴ አይሰቀልም። አቶርቫስታቲንም ለአንድ ቀን ምንም አይልም። አሁን ግን ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ግፊቷንና ስኳሯን አስለኪላት፣ ለሐኪሟም ንገሪው። ዶኔፔዚሉን ከአንድ ሳምንት በላይ ካልወሰደች በራስሽ በ10 እንዳትመልሺው። ከ5 መጀመር ሊኖርባት ይችላል፤ እሱን ሐኪሟ ይወስን።

የእማዬ_ልጅ

ቀስ በቀስ ነው። ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል፤ የባሰው ግን አሁን ነው።

አሁን አፏን አይቼ መጣሁ። እንደምንም ፈቀደችልኝ። የላይኛውን ጥርስ ሳወልቀው ድዷ ላይ የምስር ፍሬ የሚያክል ቀይ ቁስል አለ። ጥርሱ ሰፍቷታል፣ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጣብቆ አገኘሁ። መጀመሪያ የምግብ ትራፊ መስሎኝ ነበር። ስጠርገው ኪኒን ነው።

ምላሷም ደርቋል። ውሃ ስትጠጣ ግን አላሳላትም። ማታ የወሰደችው ስንት ቀን እንደሆነ በእርግጠኝነት አላውቅም። አፏ ውስጥ ስትይዝ ዋጠች ብዬ ነበር የምቆጥረው።

ተረኛ እህቴ፣ ይሄንን ማየት ነበረብኝ አይደል?

ሌሊት_ተረኛ

አሁን አይተሽዋል። ለዛሬ ጥርሱን አታድርጊላት፤ ለስላሳ ምግብ ትብላ። የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ካላስተካከለው ቁስሉ አይድንም። ከስታለች እንዴ? ሰው ሲከሳ ድዱም ይሰበሰባል፤ ጥርሱ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

መለኪያ

ፋርማሲስት ነኝ። ዝርዝሩን ሳይ ሦስት ነገር ዓይኔ ገባ።

አንደኛው "ኤክስአር" የሚለው ነው። ሜትፎርሚን ኤክስአር ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስትፈጪው የ24 ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ነው የሰጠሻት። ከሾርባው በኋላ ሆዷ ተበላሽቶ ነበር? ስሙ አጠገብ ኤክስአር፣ ኤስአር፣ ኤምአር ወይም "ሪታርድ" የሚል ካለ አይፈጭም። ኦሜፕራዞልም አይፈጭም። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች የሆድ አሲድ የማያልፈው ሽፋን አላቸው። ሲፈጩ ሽፋኑ ይሰበርና መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ይበላሻል። አምሎዲፒን ይፈጫል፤ ግን በጣም ይመራል።

ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን ነው። ይሄ ያሳስበኛል። ዶኔፔዚል የሚሠራው አንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የዚያኑ ንጥረ ነገር ሥራ ይዘጋል። ሁለቱን አብራ መውሰዷ አንድ በር በአንድ ጊዜ እንደመግፋትና እንደመሳብ ነው። አሚትሪፕቲሊን በዚያ ላይ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አዛውንትን ግራ ያጋባል። የምላሷ ድርቀት ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀነሰው። ማን ነው ያዘዘላት?

ሦስተኛው፣ ኦሜፕራዞሉ ለምን ተጀመረ?

የእማዬ_ልጅ

አዎ፣ ሆዷ ሁለት ቀን አስቸግሯት ነበር። ከምግቡ ነው ብዬ ነበር።

አሚትሪፕቲሊኑን ያዘዘላት ሌላ ሐኪም ነው። ሕመሟ ሳይታወቅ በፊት እንቅልፍ አልወስድ ሲላት። ከዚያ ወዲህ ማንም "ለምን ትወስዳለች?" ብሎ አልጠየቀም። ኦሜፕራዞሉ ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ስትወስድ ሆዷን እንዲጠብቅላት ነበር የተሰጣት። ዲክሎፌናኩ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች። ከሕመሟ የመጣ ነው ብዬ ነው የማስበው።

መለኪያ

ሊሆን ይችላል። ዶኔፔዚል ማታ ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ቅዠት ያመጣል። ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻ የሚፈታላቸው ብዙዎች ናቸው። ምላስ ላይ የሚሟሟ ዓይነትም አለው።

አንድ ወረቀት ያዢ። እያንዳንዱን መድኃኒት ጻፊ፤ አጠገቡ ለምን እንደተጀመረና መቼ እንደተጀመረ። ያንን ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ሂጂና አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ "ዛሬ ቢሆን ኖሮ ይሄን አዲስ ያዙላት ነበር?" በቀን ሰባት ኪኒን የምትወስድ ሴት ሰባት ጊዜ እምቢ የማለት ዕድል አላት። መጀመሪያ ቁጥሩ ይቀንስ።

ቀና_ልብ

ስለ አንገቱ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን ከዚህ ሁሉ ሁሉንም በሽሮፕ ማስቀየር አይቀልም? ያኔ የሚዋጥ ነገር የለም፣ ጭቅጭቅም የለም።

መለኪያ

ለአንዳንዱ ይሠራል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ብዙ ሽሮፖች ማጣፈጫው ሶርቢቶል ነው፤ ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል። መጠኑም አለ። አንድ ትንሽ ኪኒን ብዙ ጊዜ 10 ወይም 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ መራራውን በዝግታ መጎንጨት ለእሷ አንድ ኪኒን ከመዋጥ ሊከብዳት ይችላል። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ትን የሚለው ቀጭን ፈሳሽ ነው። የእሷ ችግር ቁስሉና የኪኒኑ ትልቀት ከሆነ፣ ትንሽ ኪኒን ከሽሮፕ ይሻላል።

የእማዬ_ልጅ

የሐኪሙን ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ ግን በየቀኑ ከፊቷ መቆሜ አይቀርም። ተረኛ እህቴ፣ ቃል በቃል ንገሪኝ። ስገባ ምን ልበላት? "እማዬ መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ካልወሰድሽ ይብስብሻል፣ ሐኪሙ ምን አለ?" እያልኩ ነው የማባብላት። እየባሰባት ነው የሚሄደው።

ሌሊት_ተረኛ

ከተናገርሽው ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር አለ። እሷ የመጀመሪያውን እያሰበች ሳለ ሦስተኛው ይደርስባታል። ያኔ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ብቻ ይቀራታል፦ አልፈልግም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከፊት ለፊት እገባለሁ፤ ከጎን ወይም ከኋላ አልመጣም። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ዓይናችን እኩል ይሆናል። ኪኒኑን በነጭ ክዳን ውስጥ አላቀርብም፤ ነጭ በነጭ ላይ ብዙዎቹ አይታያቸውም። መጀመሪያ ሁለት ጉንጭ ውሃ ትጠጣለች፤ አፏ ይርሳል። ከዚያ አንድ ኪኒን ብቻ መዳፏ ላይ አደርግና "ይሄ የግፊትሽ መድኃኒት ነው" እላለሁ። ከዚያ ዝም።

ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። እኛ ሦስት ላይ ስንደርስ መልስ የጠፋት ይመስለንና ደግመን እንናገራለን፤ እሷ ግን ሐሳቧን ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው። ዝም ስትዪ እጇን እዪው። ኪኒኑን በጣቷ ታገላብጠዋለች፣ ታየዋለች። ብዙ ጊዜ እጇ በራሱ ወደ አፏ ይሄዳል። ሕይወቷን ሙሉ ያደረገችው ስለሆነ ሰውነቷ አይረሳውም። አንቺ አፏ ውስጥ ስትከቺላት ግን ያ ልምድ አይነሳም።

"አልፈልግም" ካለች "እሺ" በይና ተነሺ። እውነተኛ እሺ ይሁን፤ ፊትሽም እሺ ይበል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተሽ እንደ አዲስ ግቢ። በሦስተኛው ካልሆነ የዚያ ቀን አበቃ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ጻፊው። በማግስቱ እጥፍ አትስጪያት።

ከሾርባው በኋላ ደግሞ ለምግብሽ ያላት እምነት ተነክቷል። መድኃኒቱንና ምግቡን በቦታም በሰውም ለያዪላት። የምትበላበት ቦታ ኪኒን አይምጣ። ከተቻለ ለጥቂት ሳምንት መድኃኒቱን ሌላ ሰው ይስጣት፤ አንቺ የምግብ ሰው ብቻ ሁኚ። ከአንድ ሳህን አብረሻት ብዪ፣ አንቺ ቀድመሽ ጉረሺ።

የእማዬ_ልጅ

ለመዋጥ እንዲመቻት ለስላሳ ነገር ላይ ማድረግስ? እሱም ማታለል ነው?

ሌሊት_ተረኛ

አይደለም፤ እስከነገርሻት ድረስ። ፋርማሲስቱ ይሆናል ካለሽ፣ እያየችሽ ማንኪያው ላይ አድርጊውና "መድኃኒትሽ እዚህ ውስጥ አለ" በያት። በየቀኑ መንገር አለብሽ። የትናንቱን አታስታውሰውም፤ ስለዚህ የትናንቱ ፈቃዷ ለዛሬ አይሆንሽም። ማንኪያውን ከመለሰችው መልሷ እሱ ነው።

የበኩር_ልጅ

እዚህ ላይ ልለይ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳይነገረው በጭራሽ አይሰጥ የሚል የሚመስለው ምክር ያስፈራኛል።

አባቴ የመርሳት ሕመምም የሚጥል በሽታም ነበረበት። አሁን የተባለውን ሁሉ ለወራት ሞክረናል። ስምንት ቀን ሙሉ እምቢ አለ። በዘጠነኛው ቀን ጣለው፤ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና እኛ ልጆቹ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሐኪሙ በተለያየ ሰዓት አናገረውና ስለዚህ መድኃኒት ማመዛዘን እንደማይችል አረጋገጠ። የቫልፕሮየቱ ሽሮፕ ብቻ በሚጠጣው ነገር ውስጥ እንዲጨመር በጽሑፍ ተወሰነ። የግፊቱም የኮሌስትሮሉም ኪኒን ተወላቸው። በየወሩ ደግሞ ይቀጥል አይቀጥል እየተባለ ይታይ ነበር።

ማታለል ነበር? አዎ፣ ነበር። በሰጠሁት ቁጥር ይከብደኝ ነበር። ግን ዳግመኛ አልጣለውም።

ሌሊት_ተረኛ

ወንድሜ፣ በአባትህ ላይ የተወሰነውን አልቃወምም። ለአንድ መድኃኒት፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ፣ በጽሑፍና በየጊዜው እየታየ ነው የተደረገው። አንድ ልጅ ጨንቆት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ከሚፈጨው በጣም የራቀ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የደም ማቅጠኛ፣ የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ መድኃኒቶች፣ እነዚህ ሲቋረጡ በቀናት ውስጥ አደጋ አላቸው። እምቢ ባለ ቀን ስልክ ይደወላል እንጂ ነገ ይወስዳል ተብሎ አይጠበቅም።

እኔ ራሴ ግን እንዲህ ባለው ውሳኔ ሁለት ጊዜ ተሳትፌያለሁ። አንዱ ላይ ዛሬም ልክ መሆናችንን እርግጠኛ አይደለሁም። ሴትዮዋ ነቃችና መጠጣት አቆመች። ለመድኃኒቱ ብለን ውሃውን አሳጣናት።

የበኩር_ልጅ

ይገባኛል። እኛ ቤት አልነቃም። ቢነቃ ኖሮ ምን እንደምናደርግ አላውቅም።

ቀና_ልብ

የእኔ እናት ሁልጊዜ በማታለል ነበር የምትወስደው፤ ምንም ሳይሆን ሦስት ዓመት ቆየን። ስለዚህ ሁሉም ሰው ላይ አይከፋም ባይ ነኝ። ሐኪም ግን አማክረን አናውቅም። ከወሰደቻቸው ውስጥ የማይፈጭ ይኑር አይኑር አሁን ነው ማሰብ የጀመርኩት።

የእማዬ_ልጅ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሚጠይቀኝ ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ በዝርዝር ልጻፍ።

የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱ የሚፈገፍጋትን ቦታ ሞረደው፤ ውስጡንም አጠበበው። እስኪድን ዘጠኝ ቀን ያለ ጥርስ ቆየች። ሲመዝኗት 55 ኪሎ ሆነች፤ በዓመቱ መጀመሪያ 61 ነበረች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ አንድ በአንድ አየን። ደም ተመረመረች፤ ኩላሊቷ ደህና ነው። የሦስት ወሩ ስኳር 6.1 በመቶ ነው። እሱ ለእናቴ ዕድሜና ሁኔታ 8 ገደማ ይበቃታል አለ። በጣም መውረዱ እየበላች ስላልሆነ ነው፤ ሜትፎርሚኑም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ያ ትልቁ ኪኒን ቀርቶ ተራው ሜትፎርሚን 500፣ ጠዋት አንድ ብቻ ሆነ። ኦሜፕራዞሉና ቫይታሚኑ ቆሙ። አሚትሪፕቲሊኑ ወደ 10 ወርዶ ሁለት ሳምንት ቆየና ቆመ። ዶኔፔዚሉ ምላስ ላይ በሚሟሟው ተተካ፤ ከ5 ጀምራ በጠዋት ትወስዳለች። ቅዠቱ በሳምንት ውስጥ ቀነሰ። መጀመሪያ ማመን አቃተኝ፤ ሌሊት ተነስቼ ሄጄ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።

አቶርቫስታቲኑ ላይ ከወንድሜ ጋር አልተስማማንም። ልቧም አንጎሏም ላይ ምንም ደርሶባት አያውቅም፤ ሐኪሙ ቢቆም ይሻላል አለ። ወንድሜ "ተስፋ ቆርጣችሁባት ነው" አለ። ለጊዜው ቆሟል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

አሁን በቀን ሦስት ናቸው፤ ሁሉም በጠዋት። የምትሰጣት አክስቴ ናት። መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ከቁርስ በኋላ። ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ ታነጥፍላትና ኪኒኑን እዚያ ላይ ታደርገዋለች። "ይሄ የግፊትሽ ነው" ትላታለች። እማዬ ታነሳዋለች፣ ወደ ብርሃኑ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴ "ትንሽ ነው" ትላለች። ከዚያ ትወስዳለች።

ደብተሩን ቆጠርኩት። ካለፉት 30 ቀናት በ24ቱ ሦስቱንም ወስዳለች። በአራቱ የተወሰነውን። በሁለቱ ምንም። ካጎደለችባቸው ስድስት ቀናት አራቱ ገላዋን ያጠብኳት ጠዋቶች ናቸው፤ ስትታጠብ ትበሳጫለች። ገላዋን ወደ ከሰዓት አዛወርኩት። የቀሩት ሁለቱ ምክንያታቸው አልገባኝም።

ምግብ ማሽተቷ አልቀረም፤ ግን ቀንሷል። ከሳህኔ ስጎርስ ጠብቃ ትከተለኛለች።

ሌሊት_ተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ተመልሰሽ ስለጻፍሽ። ግፊቷ እንዴት ነው? ኪሎዋ ሲቀንስ አምሎዲፒኑም ሊበዛባት ይችላል። ስትቆም የሚያዞራት ከሆነ ተቀምጣም ቆማም አስለኪላት። በዶኔፔዚሉ ላይ ደግሞ የልብ ምቷ በጣም እንዳይዘገይ ይቆጠርላት።

የእማዬ_ልጅ

ተቀምጣ 128 በ74 ነው። ቆማ አላስለካሁም። ነገ አስለካለሁ።

ሰዓት_አክባሪ

ሰላም። መጀመሪያ ላይ ስለ ሳጥን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዛሬ የአባቴን ኮት ኪስ ፈተሽኩ። 11 ኪኒን አገኘሁ። ሳጥኑ ባዶ ስለሆነ ይወስዳል ብዬ ነበር። የደም ማቅጠኛው ነው፤ አፒክሳባን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አንዳንዱን የወሰደ ይመስለኛል። አሁን ያለፈውን ላካክሰው?

መለኪያ

አታካክስ። በአንድ ጊዜ ደርበህ እንዳትሰጠው። አፒክሳባን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፤ ቀን ሙሉ ከተዘለለ መከላከያው አብሮ ይሄዳል። አሁን ወደ ሐኪሙ ደውልና ስንት ኪኒን እንዳገኘህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሲውጥ በዓይንህ ያየኸው መቼ እንደሆነ ንገረው። ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ ስልኩን ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።

ሌሊት_ተረኛ

ከደወልክ በኋላ ደግሞ አትቆጣው፤ ኪሱን የፈተሽከውም በእሱ ፊት አይሁን። ነገ ሲወስድ አጠገቡ ተቀመጥ። አፉ ውስጥ ምን እንደሚሰማው ጠይቀው።

ሰዓት_አክባሪ

ፊቱም ንግግሩም ደህና ነው። እየደወልኩ ነው።